ለተቅማጥ ሕፃን የሊትሩ ልክ በየቤቱ ይታወቅ

ለተቅማጥ ከጤና ኬላ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በብዙ አካባቢ «ኦ አር ኤስ» ወይም «ለምለም» እየተባለ የሚጠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ፓኬት የተሰናዳው ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። ፓኬቱን ተቀብላ ወደ ቤቷ የምትመለሰው እናት ግን ቤቷ ውስጥ የምታገኘው ጣሳ፣ ዋንጫ፣ ኩባያ፣ ጆግና ጀሪካን ነው። ከእነዚህ የትኛው አንድ ሊትር እንደሚይዝ የነገራት ሰው የለም። ስለዚህ በግምት ትበጠብጣለች። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ስለ ተቅማጥ በየስብሰባው ብዙ ይነገራል። መጸዳጃ ይቆፈር፣ እጅ ይታጠብ፣ ምንጭ ይጎልብት ይባላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛሬ ሌሊት ለሚያስቀምጠው ሕፃን የሚደርስለት በቤቱ ውስጥ በልኩ የተበጠበጠ አንድ ሊትር ውሃና «አሁንስ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ» ብሎ በጊዜ የሚወስን ሰው ነው። ሁለቱም በአብዛኛው የመድኃኒት እጦት ሳይሆን የዝግጅት ጉዳዮች ናቸው። ዝግጅት ደግሞ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ ነው። ዛሬ ቀበሌ በሚባልበትም ሆነ በቀድሞ ስሙ በገበሬ ማኅበርነቱ በሚጠራበት አካባቢ፣ ሕዝቡን በየጎጡ የሚያውቁትና የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው።

ውሃው ለምን በልክ ይሁን?

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው በአብዛኛው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። ተራ ውሃ ብቻ ቢሰጠው የወጣውን ጨው አይተካለትም፤ አንጀቱም ውሃውን በሚገባ አይቀበለውም። የሕክምና ተመራማሪዎች የደረሱበት ቁም ነገር ስኳርና ጨው በተመጣጠነ ልክ አብረው ሲገቡ አንጀት ሁለቱን አንድ ላይ ስቦ እንደሚያስገባና ውሃውም ተከትሏቸው እንደሚገባ ነው። በጠና በታመመ አንጀት ውስጥ እንኳን ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው።

ይህ በተግባር የተፈተነበት ጊዜ አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ወደ ሕንድ የገቡ ስደተኞች በሰፈሩበት ቦንጋኦን በተባለ ቦታ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉት ሐኪም ስኳሩንና ጨውን በልክ አስመዝነው፣ በውሃ አስበጥብጠው፣ የበሽተኞቹ ቤተሰቦች ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረጉ። ከመቶው ወደ 30 ይደርስ የነበረው የሟች ቁጥር ከ4 በታች ወረደ። እዚያ የዳነው ሕዝብ የዳነው በሐኪም ብዛት አልነበረም። ልኩ አስቀድሞ ተመዝኖ ስለተዘጋጀና አጠጪዎቹ ወላጆችና ዘመዶች ስለሆኑ ነው።

ልኩ ከተበላሸ ግን ጥቅሙም ይበላሻል። ሙሉው ፓኬት በአንድ ትልቅ ኩባያ ውሃ ብቻ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ ይበዛል። ሕፃኑ ይበልጥ ይጠማዋል፤ ተቅማጡ ሊብስበት፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨውም ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሊትር ውስጥ ከተበተነ ደግሞ ይቀጥንና የወጣውን አይተካም። ፓኬቱን ለሁለት ቀን ለማድረስ ብሎ በዓይን ግምት ለሁለት መክፈልም ስሕተት ነው፤ ዱቄቱ እኩል ተከፍሎ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አንድ ሊትርን ከቤት ዕቃ ማግኘት

መፍትሔው ቀላል ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው የታሸገ ውሃ የላስቲክ ጠርሙስ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው፣ የሚይዘው መጠን በላዩ ተጽፏል። 1 ሊትር የሚል ከሆነ አንዱ ይበቃል፤ 0.5 ሊትር ወይም 500 ሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ ሁለት ጊዜ መሙላት ነው። 600 ሚሊ ሊትር የሚሉም ስላሉ ቁጥሩን ሳያነቡ መገመት አይገባም። የላስቲክ ጠርሙስ በሌለበት 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የቢራ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሲሞላ አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ይህ አንድ ሊትር በቤቱ ጆግ ወይም ጣሳ ውስጥ ይገለበጥና ውሃው በደረሰበት ላይ በምስማር ወይም በማይለቅ ቀለም ምልክት ይደረግበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ዕቃ የዚያ ቤት ሊትር ነው። ጠርሙሱ ቢጠፋ ምልክቱ ይቀራል። ይህንን ሥራ አንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ይዞ በአንድ ጎጥ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ሊፈጽመው ይችላል።

አበጣጠሩም እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ እጅንና ዕቃውን በሳሙና መታጠብ ነው። ውሃው ቢፈላና ቢቀዘቅዝ ይመረጣል፤ ማገዶ ከሌለ ወይም ሕፃኑ እስኪፈላ የማይቆይ ከሆነ በቤት ካለው ሁሉ ንጹሑን ውሃ መጠቀም ይገባል። አንድ ሊትሩ ከተለካ በኋላ ፓኬቱ ተከፍቶ በሙሉ ይገለበጣል፤ ዱቄቱ እስኪሟሟ ድረስ ይማሰላል። ፓኬቱ ላይ ከአንድ ሊትር ሌላ መጠን ተጽፎ ከሆነ የተጻፈውን መከተል ነው። ስኳር አይጨመርበትም፤ በወተት፣ በሻይ ወይም በለስላሳ አይበጠበጥም፤ ከተበጠበጠም በኋላ አይፈላም። ተከድኖ ይቀመጥና 24 ሰዓት ሲሞላው የተረፈው ተደፍቶ አዲስ ይበጠበጣል።

ፓኬት በሌለበት ጊዜ ደግሞ በዚያው አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደረጋል። ማንኪያው ክምር ሳይሆን በቢላዋ ጀርባ የተስተካከለ ልሙጥ መሆን አለበት። ጨው ላይ በተለይ መጠንቀቅ ያሻል። በብዙ የገጠር ቤት ያለው ጨው ድቡልቡል ወይም የአሞሌ ስባሪ ነውና በደንብ ደቆ ነው መለካት ያለበት። ሕፃኑ ሳይቀምሰው በፊት አጠጪዋ ትቅመሰው፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይደፋና እንደገና ይሠራ። ስኳር ጠፋ ተብሎ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መተካት አይፈቀድም። በቤት የሚሠራው ይህ ውሃ በፓኬቱ ውስጥ ያለው ፖታስየም ስለሌለበት ፓኬቱን የሚያክል አይደለም። ፓኬቱ እስኪመጣ ድረስ ግን እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ እጅግ የተሻለ ነው።

«መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ለምንድነው?

ብዙ ቤተሰብ ይህን ውሃ ግማሽ ቀን አጠጥቶ ያቆማል። ምክንያቱም ተቅማጡ ሲቆም አላየም። ይህ ያለመረዳት ውጤት ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተሰናዳው ተቅማጥን ለማቆም ሳይሆን የወጣውን ለመተካት ነው። ተቅማጡ ለጥቂት ቀናት ሊቀጥል ይችላል። በእነዚያ ቀናት ሕፃኑ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው የእርሱ ሥራ። ይህ ለወላጆች አስቀድሞ ካልተነገራቸው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ቆርጠው ግግ ወደሚያወጣ ወይም እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው ይሄዳሉ። የሕፃን ድድ ተፍቆ ወይም እንጥሉ ተቆርጦ ተቅማጥ አይድንም፤ የሚተርፈው መድማትና መመረዝ ነው። ከዚያም በላይ አፉ የቆሰለ ሕፃን ሊጠጣ አይችልም፤ ያዳነው የነበረው ነገር ያን ጊዜ ይቋረጣል።

የተቅማጡን ቀን የሚያሳጥረው ሌላ ነገር ነው። እርሱም ዚንክ የሚባለው እንክብል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሰጠችው ልክ በየቀኑ ይሰጣል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም እንኳ የታዘዘው ቀን፣ ማለትም ቢያንስ 10 ቀን፣ መሙላት አለበት። ጡትም አይቋረጥም፤ እንዲያውም አዘውትሮ ይጥባ። ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን የለመደውን ምግብ፣ አጥሚቱንም ሆነ ገንፎውን፣ በጥቂት በጥቂቱ ይብላ። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ማስራብ ሕፃኑን ከበሽታው በላይ ያደክመዋል።

ምን ያህል ይጠጣ ለሚለውም ልክ አለ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ያለው ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። የቤቱን ኩባያ ለማወቅ በተለካው አንድ ሊትር መሞከር ይቻላል። አንዱ ሊትር 10 ጊዜ ከሞላው ኩባያው 100 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው፤ 5 ጊዜ ከሞላው ደግሞ 200 ይሆናል። ሕፃኑ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ተቆይቶ እንደገና በማንኪያ ቀስ እያሉ መስጠት ነው።

አንድ ሌሊት እንደ ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። አንዲት የ14 ወር ሕፃን አለች እንበል፤ ክብደቷ 9 ኪሎ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዟታል። እናቲቱ ፓኬቱን በምልክቱ በጠበጠች። እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ሕፃኗ ስድስት ጊዜ አስቀምጣለች። በየጊዜው አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ብትጠጣ 600 ሚሊ ሊትር በጠጣች ነበር። እናቲቱ ግን ውሃ ልትቀዳ ስለሄደች የጠጣችው ግማሹን ብቻ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሕፃኗ ትነጫነጫለች፤ ብታቅፏትም አትረጋጋም። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ኩባያው ሲቀርብላት ተንጠራርታ ይዛ በጥም ትጠጣለች። እናቲቱ የሆዷን ቆዳ፣ ከእምብርቷና ከጎኗ መካከል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች እጥፉ እንዲቆም አድርጋ ይዛ ለቀቀችው። ወዲያው አልተመለሰም፤ ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው።

ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱ ከታዩ ሕፃኗ መድረቅ ጀምራለች ማለት ነው። በቤት ብቻ የሚያዝ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። ጤና ባለሙያ ዘንድ ደርሳ፣ በክብደቷ ልክ፣ ለአንድ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር እየተሰላ፣ ማለትም 675 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በ4 ሰዓት ውስጥ በክትትል መጠጣት አለባት። ጉዞው የሚጀመረው ያን ጊዜውኑ ነው። የተበጠበጠው ውሃ ተይዞ በመንገድ ላይም ጉንጭ ጉንጭ ትጠጣለች፤ ጡትም ትጠባለች።

እናቲቱ «እስኪነጋ» ብላ ብትቆይስ? ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሕፃኗ መነጫነጯን ታቆማለች። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይታለላል፤ «ተመስገን፣ ተኛችልን» ይላል። የተኛችና የደከመች ሕፃን ግን አንድ አይደሉም። የተኛች ሕፃን ስትቀሰቀስ ትነቃለች፤ የእናቷን ፊት ታያለች፤ ኩባያውን ትቀበላለች። የደረቀች ሕፃን ግን ስትቀሰቀስም ትዝላለች፤ ዓይኗ ባዶ ነው፤ ውሃው ከአፏ ይፈሳል። የሆዷ ቆዳ ሲለቀቅ እጥፉ ከ2 ሴኮንድ በላይ ቆሞ ይቀራል። ይህች ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ ካላገኘች በሕይወት ለመትረፍ ያላት ዕድል ትንሽ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ በኩባያ ይድን የነበረው ነገር ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መርፌ የሚፈልግ ሆነ ማለት ነው።

የቆዳው ፍተሻ የማያገለግልበት ሁኔታም መታወቅ አለበት። በጣም የከሳ ሕፃን ቆዳው ሳይደርቅም ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ የወፈረ ሕፃን ደግሞ ደርቆም ቆዳው ቶሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ምልክት ብቻ አይፈረድም። በምግብ እጥረት የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው አያያዙ የተለየ ስለሆነ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃንም እንዲሁ ነው።

ከዚህም ሌላ ለማንኛውም ሕፃን የማይዘገይባቸው ምልክቶች አሉ። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ በዚያው ሰዓት ይሄዳል። በሰገራው ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ከሄደ ሌላ መድኃኒት ሊያስፈልገው ስለሚችል ውሃው ብቻ አይበቃውም፤ ይታይ። ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላውም እንዲሁ።

መሪዎቹ ሊወስኑት የሚገባ

«ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ ነው» የሚል መሪ አይጠፋም። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የታሰበው ለአንድ ቀበሌ፣ በአማካይ ለ5,000 ያህል ሰው፣ ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ ነው። ሁለት ሰዎች ከሌሊቱ 7 ሰዓት በየጎጡ ሊገኙ አይችሉም። ሠራተኞቹ ዕውቀቱንና ፓኬቱን ያቀርባሉ፤ ጠርሙሱ፣ ሸክሙና ውሳኔው ግን የነዋሪው ነው።

ማስተማርና መማሩ መሳካቱም ለየብቻ የሚታዩ ናቸው። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ወደሚሆኑ ቤቶች ሴት ሠራተኞችን ልኮ እናቶች ውሃውን በቤት ጨውና በድፍድፍ ስኳር እንዲሠሩ አስተማረ። ትልቁ ብልሃት የነበረው ከማስተማሩ በኋላ ነው። ሌላ ተቆጣጣሪ ከሳምንታት በኋላ ከተማሩት ጥቂቶቹን ቤቶች ይጎበኝና እናቲቱ ምን እንዳስታወሰች ይጠይቃል፤ የሠራችውም ውሃ ይመረመራል። የአስተማሪዋ ክፍያ የሚወሰነው በዚያ ውጤት ነበር። «ስንት ሰው ተሰበሰበ» ሳይሆን «ስንት እናት በልኩ በጠበጠች» ተብሎ ተቆጠረ ማለት ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ቁጥጥራቸውን በዚሁ መንገድ ቢያደርጉት ይበጃል። በእያንዳንዱ ጎጥ አንድ ሰው አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ይዞ የየቤቱን ዕቃ ምልክት ያድርግበት። ከወር በኋላ መሪው ራሱ ከየጎጡ አሥር ቤት መርጦ «ምልክቱን አሳዩኝ፤ ውሃ ሙሉበት» ይበል። የተሞላው በጠርሙሱ ይለካ። አሥሩም ልክ ከሆኑ ትምህርቱ ገብቷል፤ አራቱ ከተሳሳቱ ሥራው እንደገና ይሠራል። በዚያው ጎጥ ውስጥ ለጤና ኬላው በማይቀርበው ጫፍ በአንድ በታመነ ቤት ጥቂት ፓኬቶች በአደራ እንዲቀመጡ ከጤና ኬላዋ ጋር መስማማትም ይቻላል። የተሰጠው እየተመዘገበ ሲያልቅ ይተካል።

ከሁሉ በላይ ግን አስቀድሞ መወሰን ያለበት የጉዞው ነገር ነው። ብዙ ሕፃን የሚዘገየው ባል ከገበያ እስኪመለስ፣ ብር እስኪገኝ ወይም እስኪነጋ ተብሎ ነው። ማኅበሩ በስብሰባ ላይ ምልክቶቹን አንብቦ «እነዚህ ከታዩ እናት ማንንም ሳትጠብቅ ትሂድ፤ ጎረቤት ይሸኛት» ብሎ ቢወስን ሌሊት በጭቅጭቅ የሚያልፈው ሰዓት ይተርፋል። ወሳንሳው የት ቤት እንደሚቀመጥ፣ ተሸካሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ የአምቡላንሱ ስልክ በማን እጅ እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታወቅ። ዕድሩ ለሬሳ ሸክም ተራ አውጥቶ የሚሠራ ከሆነ ለታመመ ሕፃን ተራ ማውጣት አይከብደውም።

አንድ ነገር ይጨመር። በአንድ ጎጥ ውስጥ አዋቂዎችም ጭምር የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥና ትውከት ከያዛቸው አተት ሊሆን ይችላልና ወሬው በዚያኑ ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድረስ አለበት። እንዲህ ያለው ወሬ ለአካባቢው ስም ያሳፍራል ተብሎ ከተሸሸገ በማግሥቱ በሌላው ጎጥ ይገኛል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ የጎጥ ተጠሪ አንድ ባዶ ጠርሙስና ከቤቱ አንድ ኩባያ ይዞ ይምጣ። ከንግግሩ በፊት ኩባያው በውሃ ይለካ፤ ስንት እንደሚይዝም ይጻፍበት። ተጠሪው ኩባያውን ይዞ ሲመለስ ለጎረቤቱ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።